ከ42 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የአንድ ደቂቃ ምስክርነት፦ የአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

የቀጠሮ መያዣ ሲስተም የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት፣ ሲስተሙን ለሰባት ወራት ከተጠቀመች አንዲት ደንበኛ ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ወደ አንድ ደቂቃ የቪዲዮ ምስክርነት እንድቀይርለት ሰጠኝ። ደንበኛዋ አራት የሕክምና ወንበር ያለው የጥርስ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሲስተሙ ቀጠሮ ይመዘግባል፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን አስቀድሞም ለታካሚው አስታዋሽ መልእክት በስልኩ ይልካል፤ ታካሚው እንደሚመጣ በመልእክት መልሶ ያረጋግጣል። ቃለ መጠይቁን ያደረገው የድርጅቱ የሽያጭ ባለሙያ ሲሆን፣ የተቀዳውም በስልክ ነው። ስለዚህ የእኔ ሥራ የተቀረጸ ምስል መቁረጥ አልነበረም። ከድምፅ ቅጂው ስክሪፕት አዘጋጅቼ፣ ሥራ አስኪያጇ ካጸደቁት በኋላ በካሜራ ፊት እንዲናገሩት ማድረግ ነበር።

ጉዳዩን መዝግቤ ላቆየው የፈለግሁት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሠራሁት ስህተት በዚህ ሥራ ላይ በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። ረቂቁ ንጹሕ ነበር፣ አጭር ነበር፣ «በፊት» እና «አሁን» የሚሉ ሁለት ክፍሎችም ነበሩት። ሆኖም ሁለቱ ክፍሎች የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነበር።

በእጄ የነበረው ጥሬ ነገር

ቅጂው 42 ደቂቃ የሚረዝም ሲሆን ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ 11 ገጽ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ ቅን እና ተናጋሪ ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ስለ ራሱ ሥራ በድንገት ሲጠየቅ እንደሚያደርገው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ያለፈውን ጀምረው ሳይጨርሱ ወደ አሁኑ ይሄዳሉ፣ ከዚያም ወዳለፈው ይመለሳሉ። ከ31ኛው ደቂቃ የተወሰደው የሚከተለው ቃል የቅጂውን መልክ ያሳያል፦

«እ… ያው ድሮ ደብተር ነበር፤ ደብተሩ ደግሞ ሁለት ነው፣ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ ዶክተሩ ጋ። እና ሰው ይቀራል፣ ብዙ ሰው ይቀራል፣ በቀን አሥርም ይሆናል… አሁን በጣም ጥሩ ነው፣ ሲስተሙ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል። ያኔ እኮ ማታ ማታ ስልክ ነበር፣ ማለቴ ከዘጋን በኋላ፤ አንዷ ትቀራለች፣ የነገውን ዝርዝር ይዛ አንድ በአንድ ትደውላለች። አንዳንዱ አያነሳም፣ እንደገና ትደውላለች። እኔም አብሬ እቀራለሁ፣ ብቻዋን አልተዋትም… ምን ነበር ጥያቄው?»

የጠያቂው አጠያየቅም ለመልሱ መዝረክረክ የራሱ ድርሻ ነበረው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች መልሱን በውስጣቸው የያዙ ነበሩ፤ ለምሳሌ «ሲስተሙ ሥራችሁን አቅልሎላችኋል ማለት ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጇ «አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብለው ከመመለስ በቀር ብዙ የሚሉት አልነበራቸውም። በ11ዱ ገጽ ውስጥ «ጥሩ» የሚለው ቃል ሲስተሙን ለመግለጽ 14 ጊዜ ተነግሯል። ከ14ቱ ለስክሪፕት የሚሆን አንድም አልነበረም፤ ምክንያቱም ተመልካች ሊያየው የሚችል ነገር የለበትም።

የመጀመሪያው ረቂቅ

መጀመሪያ ያደረግሁት ግልባጩን አንብቤ፣ ትልቁን ውጤት ፈልጌ፣ በዙሪያው መጻፍ ነበር። ትልቁ ውጤት ደግሞ ቀጠሮ አስይዘው የሚቀሩ ታካሚዎች ቁጥር መቀነሱ መሰለኝ፤ በ19ኛው ደቂቃ ላይ «በግማሽ ቀንሷል መሰለኝ» ብለው ነበርና። ረቂቁ እንዲህ ይል ነበር፦

«ቀደም ሲል የቀጠሮ አያያዛችን በሁለት ደብተር ላይ የተመሠረተ እና እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ይህን ሲስተም መጠቀም ከጀመርን ወዲህ ግን የሚቀሩ ታካሚዎቻችን ቁጥር በግማሽ ቀንሷል፤ የአገልግሎታችን ጥራትም በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል።»

ድርጅቱ ወደደው። ሥራ አስኪያጇ ግን አንብበው የጻፉልኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን እኔ እንዲህ አልናገርም። ደግሞ ግማሽ ያልኩት እርግጠኛ ሆኜ አይደለም።»

ይህን መልስ ይዤ ግልባጩን እንደገና ሳነብ ረቂቁ ከአንድ በላይ ሕመም እንዳለበት አየሁ። አንደኛው እሳቸው የነገሩኝ ነው፤ «መሰለኝ» የሚለውን ቃል ሳወጣ ግምት የነበረውን ነገር ወደ ማረጋገጫ ቀይሬዋለሁ። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ ራሱ የቆመበት መሠረት አልነበረም። በአንድ ቦታ የሚቀሩት በቀን አሥር እንደነበሩ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ አራት አምስት እንደነበሩ ተናግረዋል። በኋላ ስጠይቃቸው አሥሩ ዝናብ በበዛበት ሰሞን የታየው ክፉ ቀን እንጂ የዘወትሩ አለመሆኑን ነገሩኝ። የትናንቱን ክፉ ቀን ከዛሬው መደበኛ ቀን ጋር ያነጻጸረ ሰው ምንም ዓይነት ሲስተም ባይገዛም መሻሻል ማየቱ አይቀርም።

ሦስተኛውና ከባዱ በ24ኛው ደቂቃ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ የሄደ ነገር ነው። ክሊኒኩ ሲስተሙን ባስገባበት ወር ረጅም ጊዜ ለሚወስዱ ሕክምናዎች ቀብድ መቀበል ጀምሯል። ቀብድ የከፈለ ሰው በቀላሉ እንደማይቀር ግልጽ ነው። ስለዚህ የሚቀሩት ሰዎች በእርግጥ ቢቀንሱ እንኳ ምን ያህሉ በመልእክቱ፣ ምን ያህሉ በቀብዱ እንደሆነ ለመለየት አይቻልም ነበር። የቀድሞዎቹን ደብተሮች ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ደብተሮቹ አሉ፤ ነገር ግን የቀረ ሰው ስሙ ላይ ምንም ምልክት አይደረግበትም ነበርና መነሻ የሚሆን ቁጥር የለም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ረቂቁ «በፊት» በሚለው ክፍል የሚናገረው ስለ ደብተር ነው፤ «አሁን» በሚለው ክፍል ግን ስለሚቀሩ ሰዎች ቁጥር ነው። ተመልካቹ ደብተሩ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ የሚቀሩት ሰዎች ቀድሞ ምን ችግር ያስከትሉ እንደነበርም አላየም። ለውጥ አለ ይባላል እንጂ የተለወጠው ነገር አይታይም።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ጥንዶችን መፈለግ

ወደ ግልባጩ ተመልሼ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚገኝበትን ደቂቃ በኅዳጉ ላይ ጻፍሁ። ከዚያም ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በግራ «ያኔ»፣ በቀኝ «አሁን» የሚል ርእስ አኖርሁና ከቅጂው የሚወጣውን ተጨባጭ ነገር ሁሉ በየቦታው አሰፈርሁ። ምስጋናና አስተያየት በሁለቱም ዓምድ እንዲገባ አልፈቀድሁም። በግራ ዘጠኝ፣ በቀኝ ስድስት ነገሮች ተገኙ። ቀጥሎ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በግራ ካለው ጋር በቀኝ ስለዚያው ነገር የሚናገር አለ ወይ?

መልሱ አሳዛኝ ነበር፤ ከዘጠኙ ጥንድ ያገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንደኛው የሚቀሩ ሰዎች ጉዳይ ሲሆን ከላይ በተገለጸው ምክንያት ወደቀ። ሁለተኛው ሁለት ታካሚ በአንድ ሰዓት የመመዝገብ ችግር ነው፤ ይህ በእርግጥ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው «እሱ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ቢያጋጥም ነው» ብለዋል። ያን ያህል ብርቅ በሆነ ችግር ላይ የተመሠረተ ምስክርነት ተመልካቹን «እኔን አያገኘኝም» ያሰኘዋል። ሦስተኛው ማታ ማታ የሚደረገው የስልክ ጥሪ ነበር።

የስልኩ ጥሪ ከሦስቱ ትንሹ ይመስል ነበር፤ ድርጅቱም በመጀመሪያው ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ አላሰበውም። ሆኖም ሌሎቹ ያልነበራቸው ነገር ነበረው። በየቀኑ የሚደርስ ነው። ሰው፣ ሰዓትና ድርጊት አለው። የለወጠውም ሲስተሙ ብቻ ነው፤ ቀብዱ ጥሪውን አያስቀርም። «እኔም አብሬ እቀራለሁ፣ ብቻዋን አልተዋትም» የሚለው ቃል ደግሞ የማንም የማስታወቂያ ጸሐፊ ብዕር የማይፈጥረው ነው። ሴትዮዋ ስለ ሶፍትዌር ሳይሆን ስለ ሠራተኛቸው ሲናገሩ ድምፃቸው እንደሚለወጥ በቅጂው ላይ በግልጽ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አሁን» በሚለው ዓምድ ውስጥ «ሰው ሳይጨናነቅ ነው የሚገባው» የሚል ጥሩ ቃል አስፍሬ ነበር። ከመጠቀሜ በፊት ቦታው ላይ ያለውን ድምፅ ከሁለት ደቂቃ በፊት ጀምሬ መልሼ ሳዳምጥ፣ ሴትዮዋ የሚናገሩት ስለ ቀጠሮው ሳይሆን ስለ ሰፋው የማረፊያ ክፍል ነበር። በጽሑፉ ላይ ይህ አይታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ስክሪፕት የሚገባን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በግልባጩ ላይ ብቻ አላምነውም።

የጎደለው መልስ

ጥንዱ ተገኘ፤ ግን አልተመጣጠነም። «ያኔ» የሚለው ወገን ሙሉ ትዕይንት ሲሆን «አሁን» የሚለው ወገን ግን «አሁን ያ የለም» ከሚል ሦስት ቃል የዘለለ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ጸሐፊውን የሚፈትነው ነገር የጎደለውን ከራሱ መሙላት ነው። እኔም «አሁን ሁላችንም በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን» የሚል መስመር ጽፌ ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ ያላሉት ስለሆነ ሰረዝሁት።

ደወልሁላቸውና ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ አቀረብሁ። ስለ ጥሪው ብዛትና ስለሚፈጀው ጊዜ ስጠይቅ፣ በቅጂው ላይ ያሉትን አረጋገጡልኝ፤ በቀን ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ከዚያ ስለ አሁኑ ስጠይቅ «አሁን እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ማታ ከዘጋችሁ በኋላ ምን ሠራችሁ?» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ትናንት? ትናንትማ ዘግተን ወጣን» አሉኝ። የስክሪፕቱ መጨረሻ ይህ ሆነ።

«አሁን እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰውን እንዲያጠቃልል ያስገድደዋል፤ ያጠቃለለ ሰው ደግሞ «ጥሩ ነው» ይላል። ትናንትን የተጠየቀ ሰው የሚያስታውሰውን ይናገራል። በዚያው ጥሪ ላይ፣ ሳልጠብቀው፣ አሁንም የሚደወልላቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉ ነገሩኝ። ድርጅቱ ይህ ከስክሪፕቱ ቢወጣ ይሻላል የሚል አስተያየት ነበረው። እኔ ግን እንዲቆይ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ሲስተም የገዛ ሰው ሁሉ መልእክት የማይመልስ ታካሚ እንዳለ ያውቃልና፣ ይህን የሚደብቅ ምስክርነት ሌላውን ቃልም ያስጠረጥራል።

ለአርትዖቱ ያወጣሁት ገደብ

ስክሪፕቱን ስሰበስብ ለራሴ የፈቀድሁት እነዚህን ነው፦ የመንተባተብ ድምፆችንና ድግግሞሽን ማውጣት፤ የዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል መለወጥ፤ «እሱ ነገር» በሚል የተነገረውን በስሙ መጥራት። ለምሳሌ በቅጂው ላይ «ከዚያ ተውነው እሱን ነገር» ያሉት «ከዚያ መደወሉን ተውነው» ሆኗል። ያልፈቀድሁት ደግሞ ቁጥርን መለወጥ፣ ከቁጥር ላይ ጥርጣሬን ማንሳት፣ እንዲሁም እሳቸው ያልተጠቀሙበትን የድርጅቱን ቃል በአፋቸው ማስገባት ነው። «የአገልግሎት ጥራት» የሚለው በዚሁ ምክንያት ወጣ።

ርዝመቱን ለመወሰን ከቅጂው ሦስት ቦታ አንዳንድ ደቂቃ መርጬ የተናገሯቸውን ቃላት ቆጠርሁ፤ በደቂቃ 95 አካባቢ ነበር። ካሜራ ፊት ሰው ለአፍታ ዝም ማለት ስለሚያስፈልገው ለአንድ ደቂቃው ከ80 ቃላት በላይ እንዳልጽፍ ወሰንሁ። ሁሉም መስመር የመጣበት ደቂቃ በጎኑ ተጽፎ እንዲህ ጸደቀ፦

«ያኔ ማታ ከዘጋን በኋላ ከእንግዳ ተቀባዮቹ አንዷ ትቀር ነበር። የነገውን ዝርዝር ይዛ አንድ በአንድ ትደውላለች። አንዳንዱ አያነሳም፤ እንደገና ትደውላለች። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ሰው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እኔም አብሬ እቀራለሁ፤ ብቻዋን አልተዋትም።

መጀመሪያ ስለ ሲስተሙ ሲነግሩኝ አላመንኩም፤ ትልልቅ ሰዎች መልእክት አያነቡም ብዬ። ሁለት ሳምንት መልእክቱም እየተላከ፣ እኛም እየደወልን አየነው። ስንደውል ‹መልእክቱ ደርሶኛል› ይላሉ። ከዚያ መደወሉን ተውነው።

አሁንም የምንደውልላቸው አሉ፤ መልሰው ያላረጋገጡ አራት አምስት ሰዎች። እሱንም ቀን በሥራ ሰዓት እንጨርሰዋለን። ትናንት ማታ ዘግተን ወጣን።»

በመካከል ያለው አንቀጽ ሊቀር ይችል ነበር፤ ቦታም ያጣብባል። ያቆየሁት ጥርጣሬያቸው የገዢው ሁሉ ጥርጣሬ ስለሆነና፣ ሁለቱን በአንድነት ለሁለት ሳምንት መሞከራቸው ከያኔው ወደ አሁኑ የተሻገሩበትን መንገድ ስለሚያሳይ ነው። ያ አንቀጽ ባይኖር ለውጡ በአንድ ሌሊት የመጣ ይመስላል።

የተሳካው እና ያልተሳካው

ሥራ አስኪያጇ ሁለተኛውን ስክሪፕት አንዲት ፊደል ሳይለውጡ አጸደቁት። በቀረጻው ቀን ግን ጽሑፉን ከካሜራው ሥር ካለው ስክሪን ላይ እንዲያነቡት ማድረጋችን ስህተት ነበር። የራሳቸው ቃል መሆኑ እየታወቀ እንደ ተማሪ ንባብ ሆነ፤ ዓይናቸውም ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ ይታያል። ስክሪኑን አንስተን እኔ ከካሜራው አጠገብ ተቀምጬ በየክፍሉ ጠየቅኋቸው፦ «ከዘጋችሁ በኋላ ምን ይሆን ነበር?» «መጀመሪያ ሲነግሯችሁ ምን አላችሁ?» «ትናንትስ?» በሦስተኛው ቀረጻ «ብቻዋን አልተዋትም» በማለት ፈንታ «ብቻዋን እንዴት እተዋታለሁ?» አሉ። ከስክሪፕቱ ይሻል ነበርና ያው ቀረ። የመጨረሻው ቪዲዮ 58 ሰከንድ ሆነ።

ያልተሳካው የማጽደቁ ሂደት ነው። ስክሪፕቱን በኢሜይል ልኬ መልስ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ሥራ የበዛበት ሰው የተላከለትን ጽሑፍ ማንበብ እንደ ተጨማሪ ሥራ ያየዋል። በስልክ ባነብላቸው ኖሮ አሥር ደቂቃ በቂ ነበር፤ በጽሑፍ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ስምምነት ብቻ ነው። ሌላው ጉድለት መልእክቱ ምን እንደሚመስል ስክሪፕቱ አለመናገሩ ነው። ይህን ድርጅቱ የመልእክቱን ምስል በስክሪን ላይ በማሳየት ሸፈነው፤ እኔ ግን በጽሑፉ ጊዜ ልብ ልለው ይገባ ነበር።

የድርጅቱ የገበያ ክፍል ኃላፊ «ግማሽ» የሚለው ቁጥር በመውጣቱ እስከ መጨረሻው ቅር ብሎት ነበር። ቅሬታው የሚገባኝ ነው፤ ቁጥር ለሽያጭ ሰው መያዣ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያጸናው መዝገብ አልነበረም፤ ተናጋሪዋም አላመኑበትም። አሁን የሚቀሩ ታካሚዎች በሲስተሙ ላይ ይመዘገባሉ፤ ቀብዱ ሳይለወጥ ከቆየ፣ ወራትን ከወራት ጋር በማነጻጸር ወደፊት ሊነገር የሚችል ቁጥር ይገኛል።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ከዚህ ሥራ ወዲህ ቃለ መጠይቅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሠራው ሁለቱን ዓምድ ነው፤ ጥንድ የሌለው «ያኔ» ምንም ያህል ቢያምር ለስክሪፕት አይሆንም። ጥንዶቹ ሲገኙም ስለ እያንዳንዱ የምጠይቀው አለ፦ በዚያው ጊዜ ሌላ የተለወጠ ነገር ነበር ወይ? አዲስ ሠራተኛ፣ አዲስ ክፍያ፣ የተቀየረ የሥራ ሰዓት? ይህን ደንበኛው ራሱ አያነሳውም፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ላይ የመጣ መሻሻል ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ለሚያደርገው ሰው «በዚያ ሰሞን ሌላ ምን ቀየራችሁ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሜ እሰጠዋለሁ።

ትናንትን የሚጠይቀውን ጥያቄም በዝርዝሩ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ቦታው ግን መጨረሻ አካባቢ ነው። በመጀመሪያ ሲጠየቅ ሰው ገና ያልሞቀ ስለሚሆን «ምንም የተለየ ነገር የለም» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ማታ ማታ የነበረውን በቃሉ ከተረከ በኋላ ሲጠየቅ ግን ትናንትን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ይመልሳል።